«አቅጣጫ ተቀምጧል» ሲባል ሥራው የማን ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የከተማ መንገድ ግንባታ የቅንጅት ስብሰባ ላይ ጸሐፊ ነኝ። የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በያዝኩት ቃለ ጉባኤ «የውሃ መስመሩ ተነሥቶ የመብራት ምሰሶዎቹ ከተዛወሩ ቁፋሮው እንዲጀመር፣ የሚመለከታቸው አካላትም እስከ የካቲት 15 አጠናቀው ሪፖርት እንዲያቀርቡ አቅጣጫ ተቀምጧል» ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩ ስብሰባ የመብራት ሰዎች ውሃዎቹን፣ ውሃዎቹ ተቋራጩን፣ ተቋራጩ ደግሞ ሁለቱን ሲጠብቁ መሰንበታቸውን ሰማሁ። ሁሉም የሚጠቅሱት ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? እንዴትስ ብጽፈው ይሻላል?

መልስ፦ በሰዋስው በኩል ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለበትም። አማርኛ አድራጊውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ሙሉና ጨዋ ዓረፍተ ነገር ሊያቆም ይችላል፤ እርስዎም ይህን ችሎታውን እስከ መጨረሻው ተጠቅመውበታል። «ተነሥቶ»፣ «ከተዛወሩ»፣ «እንዲጀመር»፣ «ተቀምጧል» አራቱም ግሦች የሚናገሩት ስለሚደረግ ነገር እንጂ ስለሚያደርግ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሦስቱ ወገኖች አንድ ጽሑፍ አንብበው ሦስት ነገር መረዳታቸው የእነርሱ ክፋት አይመስለኝም፤ ሦስቱንም ንባቦች ጽሑፉ ይፈቅዳል።

ከመጨረሻው ግሥ ልጀምር፤ የቀረውን ሁሉ የሚሸከመው እርሱ ነውና። «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለው አነጋገር በመሥሪያ ቤት አማርኛ በጣም ተለምዷል፤ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ግን ውሳኔ ይሁን ምክር፣ ትእዛዝ ይሁን ምኞት አይለይም። «ተወስኗል» ብለው ቢተኩትም በእርስዎ ስብሰባ ላይ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይወገድም። አንድ የሥራ አመራር ኮሚቴ በሥሩ ባሉ ክፍሎች ላይ ሊወስን ይችላል፤ በቅንጅት ስብሰባ ላይ የሚቀመጡት ግን የውሃው፣ የመብራቱና የመንገዱ ወገኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አለቃና በጀት ያላቸው ናቸው፤ ሰብሳቢው ሊያስማማቸው እንጂ ሊያዛቸው ሥልጣን የለውም። እንዲህ ባለ ስብሰባ ውሳኔ የሚባለው፣ ሥራውን የሚሠራው ወገን ራሱ «እኔ በዚህ ቀን እፈጽማለሁ» ብሎ የተቀበለው ነገር ነው። ግሡም ይህንኑ ማሳየት አለበት፦ «የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቱቦውን ለማንሣት ኃላፊነት ወስዷል»። የተነገረው አስተያየት ብቻ ከሆነ «ሐሳብ አቅርበዋል» ይበሉ፤ ሳይቋጭ ከቀረም «ስምምነት ላይ አልተደረሰም» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ይህን የመጨረሻውን መጻፍ ብዙ ጸሐፊዎችን ያሳፍራቸዋል። ሆኖም ያልተቋጨን ነገር የተቋጨ አስመስሎ ማስፈር የባሰ ጉዳት አለው፤ ማንም ተመልሶ አይነጋገርበትምና።

ቀጥሎ ባለቤቱ ይመጣል። «የሚመለከታቸው አካላት» የሚለው ሐረግ እያንዳንዱ አንባቢ ሌላውን እንዲያስብ የሚጋብዝ ስለ ሆነ ከቃለ ጉባኤ ጨርሶ ቢወጣ እመርጣለሁ። ነገር ግን ስም መጥቀስ ብቻውን አይበቃም። በአማርኛ የአክብሮት አንድ ሰውና ብዙ ሰዎች የግሥ መልካቸው አንድ ነው፤ «እንዲያቀርቡ» የሚለው አንድ የተከበሩ ኃላፊን ወይም ብዙ ሰዎችን ሊያመለክት ይችላል። «ኢንጂነሩ ከተቋራጩ ጋር በመሆን ሪፖርት እንዲያቀርቡ» ብንል አቅራቢው ኢንጂነሩ ብቻ ናቸው ወይስ ሁለቱ በአንድነት? መልኩ አይነግረንም። የእኔ ልማድ ተቋሙን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጎ ግሡን በነጠላ ማሰር ነው፤ «መሥሪያ ቤቱ ያቀርባል» ሲባል ብዙ ቁጥር ሊጠረጠር አይችልም። ተጠሪ የሆነው ሰው ደግሞ ራሱን በቻለ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጠቀሳል። «ከእገሌ ጋር በመሆን» የሚለውም ረዳቱ ምን እንደሚያደርግ ተለይቶ ይጻፍ። ተጠሪው በስብሰባው ላይ ካልነበረ ያልተቀበለውን ኃላፊነት እንደ ተቀበለ አድርጎ መጻፍ አይገባም፤ ከተገኙት ውስጥ ማን መቼ እንደሚነግረውና መልሱን ለማን እንደሚያመጣ ይመዝገብ።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገርዎ ሆድ እንግባ። የመብራት ሰዎች ለምን ውሃዎቹን ጠበቁ? «ተነሥቶ» ስላሉ ነው። ቦዝ አንቀጽ በአማርኛ ሁለት ድርጊቶችን ሲያያይዝ ቅደም ተከተልን ሊያሳይ ይችላል፤ «በልቶ ወጣ» ስንል መብላቱ ይቀድማል። ነገር ግን ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን ለመደርደርም እንጠቀምበታለን፤ «ቤቱ ተጠርጎ ቡናው ተፈልቶ ጠበቁን» ሲባል ቡናው የተፈላው ከጠረጋው በኋላ ነው ብሎ ማንም አይከራከርም። እርስዎ ያሰቡት ሁለተኛውን ይሆናል፤ እነርሱ የያዙት የመጀመሪያውን ነው፤ ቱቦው ሳይነሣ ምሰሶ መንካት አይቻልም ብለው ተቀመጡ። ቅደም ተከተል ካለ «አስቀድሞ» ወይም «ከዚያ በኋላ» በሚል ቃል ይነገር፤ ከሌለም «ሁለቱ ሥራዎች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ይሠራሉ» ተብሎ ይጻፍ።

ውሃዎቹ ተቋራጩን የጠበቁት ደግሞ «ቁፋሮው» በሚለው ቃል ምክንያት ይመስለኛል። ያለ ባለቤትና ያለ ቦታ የተጠራ ቁፋሮ ነው። ለእርስዎ የመንገዱ አፈር ቆረጣ ነበር፤ ቱቦ የሚያነሣ ሰው ግን «ቁፋሮ» ሲባል አስቀድሞ የሚታየው ቱቦውን ለማውጣት የሚቆፈረው ነው፤ መቆፈሪያ መሣሪያው የተቋራጩ ከሆነ መጠበቁ አያስደንቅም። ድርጊቱን ስም አድርገው ሲጠሩት «የማን?» እና «ከየት እስከ የት?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቁት።

ተቋራጩን ያስቀመጠችው «ከተዛወሩ» ላይ ያለችው «ከ» ናት። ይህች ፊደል «ከተዛወሩ በኋላ» በሚል ሐረግ ውስጥ ጊዜን ታሳያለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን «የተዛወሩ እንደ ሆነ» የሚል ሁኔታን ታስቀምጣለች። በመጀመሪያው ንባብ ምሰሶዎቹ መዛወራቸው አይቀርም፣ የሚጠበቀው ቀኑ ነው። በሁለተኛው ግን ላይዛወሩም ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ተቋራጩ ምን እንደሚያደርግ አልተነገረውም፣ መዛወራቸውንም ማን እንደሚያረጋግጥለት አልተጻፈም። ሁኔታ ያለበት ውሳኔ ሁኔታው መሟላቱን የሚያስታውቀውን ሰው፣ ባይሟላም የሚሆነውን ነገር አብሮ መያዝ አለበት።

ስለ ቀኑ ረዘም አድርጌ ብናገር አይፈረድብኝም። በመጀመሪያ «እስከ የካቲት 15 አጠናቀው ሪፖርት እንዲያቀርቡ» ሲሉ ቀኑ የማጠናቀቂያው ነው ወይስ የሪፖርቱ? በአማርኛ ዋናው ግሥ መጨረሻ ስለሚመጣ አንድ የጊዜ ሐረግ ከፊቱ ያሉትን ግሦች ሁሉ ሊገዛ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ለእያንዳንዱ ግሥ የራሱን ቀን ሰጥቶ ዓረፍተ ነገሩን መክፈል ነው። ሁለተኛ፣ «እስከ» ቀኑን ራሱን ይጨምር አይጨምር አንባቢው ይከራከርበታል፤ «የካቲት 13 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ሳያልፍ» ቢባል ክርክሩ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የሳምንቱን ቀን ከቀን ቁጥሩ ጋር አብረው ይጻፉ፤ ቢጽፉት ኖሮ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ መሆኑን ያኔውኑ ባዩት ነበር። የውጭ አማካሪ መሐንዲስ ባለበት ፕሮጀክት ደግሞ «12/6» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ለእኛ የካቲት 12 የሆነው ለእርሱ ጁን 12 ነው። «በሦስተኛው ሩብ ዓመት መጨረሻ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ በእኛ የበጀት ዓመት መጋቢት 30 ሲሆን፣ ዓመቱን ከጃንዋሪ ለሚቆጥር ሰው ሴፕቴምበር 30 ይሆናል። የወሩን ስም በፊደል፣ ዓመቱንም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ማስፈር ያስፈልጋል።

የመብራት መስመር የሚዛወረው ብዙ ጊዜ ኃይል ተቋርጦ በሌሊት ስለ ሆነ አንድ ነገር ልጨምር። «ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት» ያሉ እንደ ሆነ፣ አንዱ ዓርብ መሽቶ የሚመጣውን ሌሊት፣ ሌላው ደግሞ ሐሙስ መሽቶ ለዓርብ የሚነጋውን ይይዛል። ቋንቋችን ለዚህ ጥርት ያለ አነጋገር አለው፤ «ለቅዳሜ አጥቢያ» ማለት ለቅዳሜ የሚነጋው ሌሊት ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ይህ ቃል ከመሥሪያ ቤት ጽሑፍ መራቁ ያሳዝነኛል፤ ልክ የሚያስፈልገው እዚያ ነበርና።

እንግዲህ ያ ዓረፍተ ነገር ተበትኖ ሲጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ቀኖቹንና ርቀቱን እንደ እውነተኛው ስምምነት ያስተካክሏቸው።

«የውሃ መሥሪያ ቤቱ ከኪሎ ሜትር 0+400 እስከ 0+850 ያለውን ቱቦ ረቡዕ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ሳያልፍ ለማንሣት ኃላፊነት ወስዷል፤ ለዚህም የሚያስፈልገውን ቁፋሮ የሚያካሂደው ራሱ ነው። የመብራት አገልግሎቱ በዚሁ ርቀት ያለውን መስመር ወደ አዲሶቹ ምሰሶዎች ለቅዳሜ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ለማዛወር ኃላፊነት ወስዷል። ሁለቱ ሥራዎች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ይከናወናሉ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሥራውን መፈጸሙን ቅዳሜ የካቲት 14 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ሳያልፍ ለአማካሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ ያስታውቃል። ተቋራጩ ሁለቱም ማስታወቂያዎች መድረሳቸውን አማካሪ መሐንዲሱ ሲገልጽለት የመንገዱን አፈር ቆረጣ ሰኞ የካቲት 16 ቀን ይጀምራል። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ ካልደረሰ አማካሪ መሐንዲሱ በዚያው ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሦስቱን ወገኖች ይጠራል።»

ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ስድስት ወጡ፤ ረዘመ የሚል ሰው ቢኖር ርዝመቱ ቀድሞም በስብሰባው ንግግር ውስጥ የነበረ መሆኑን ይንገሩት። ከተጠሪዎቹ ስም በስተቀር የጎደለው ነገር የለም፤ እርሱንም እያንዳንዱ ወገን በቦታው ሲጠራ ይጨምሩበት። ረቂቁ ሰዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ «ለማንሣት ኃላፊነት ወስዷል» የሚለውን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ካለ፣ ስምምነቱ እንዳልነበረ ያኔ ይታወቃል።

በቀጣዩ ስብሰባ ያልተፈጸመ ሥራ ሲገኝም የቀድሞውን ቀን ሰርዘው አዲሱን ብቻ አይጻፉ። «ረቡዕ የካቲት 11 ቀን ሊፈጸም የነበረው አልተፈጸመም፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ መለዋወጫ ቱቦ አለመድረሱን ምክንያት ሰጥቷል፤ አዲሱ ቀን ዓርብ የካቲት 20 ነው» ይበሉ። የመጀመሪያው ቀን ከጽሑፉ ከጠፋ፣ ሥራው ስንት ጊዜ እንደ ተላለፈ ከሦስት ስብሰባ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም።