ከ606 ዶላር ወደ ቁጥር አንድ፦ ስለ ግራንጅ ሮክ ሙዚቃ ለጠየቃችሁት መልስ

ሜታል ወዳጅ፦ ግራንጅን የፈጠረው ኒርቫና ነው፣ ያሳደገው ኤምቲቪ ነው። ሌላው ወሬ ነው አይደል?

ኤምቲቪ ላይ ግማሽ እውነት ይዘሃል። ኒርቫና ላይ ግን ዘግይተሃል። በፈረንጆቹ 1986 በአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል ውስጥ «ዲፕ ሲክስ» የሚባል ሸክላ ወጣ። ስድስት ባንዶች ነበሩበት፦ ግሪን ሪቨር፣ ሳውንድጋርደን፣ ሜልቪንስ፣ ማልፈንክሹን፣ ስኪን ያርድና ዩ-ሜን። ኒርቫና ያኔ ገና አልተመሠረተም። ግሪን ሪቨር ሲበተን ዘፋኙ ማርክ አርም ከቀድሞው የባንዱ ጊታሪስት ከስቲቭ ተርነር ጋር ሆኖ መድሃኒን አቋቋመ። ስቶን ጎሳርድና ጄፍ አመንት ደግሞ ማዘር ላቭ ቦንን መሠረቱ። የዚያ ባንድ ዘፋኝ አንድሩ ዉድ በመጋቢት 1990 ሲሞት ሁለቱ ፐርል ጃምን ጀመሩ። ስለዚህ ዓለም በ1991 እንደ አዲስ ያያቸው ሰዎች ለዓመታት ባንድ እየተለዋወጡ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው።

ለምን ሲያትል? ዝናቡ ነው ይባላል።

ዝናብማ ሌላም ቦታ ይዘንባል። ዋናው ርቀቱ ነው። ከተማዋ ጥግ ላይ ስለሆነች በጉዞ ላይ ያሉ ትልልቅ ባንዶች ብዙ ጊዜ ያልፏት ነበር። በዚያ ላይ ከተማው በ1985 ለወጣቶች የሚዘጋጅ ዳንስና ኮንሰርት የአንድ ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ አወጣ። ትንሽ አዘጋጅ ይህን ከየት ያመጣል? ባንዶቹ ወደ ቡና ቤት ገቡ፣ ከመድረኩ ፊት የሚቆሙትም ባብዛኛው የሌሎች ባንዶች አባላት ነበሩ። በሌላ ከተማ ፓንክና ሄቪ ሜታል ተለያይተው ይቀመጣሉ። እዚህ ግን ሁለት ቡድን ለመሆን የሚበቃ ሰው አልነበረም። የሜታሉ ባንድ የብላክ ሳባዝ ዝግታና ክብደት ከፓንክ ሻካራነት ጋር የተቀየጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም በ600 ዶላር ተቀዳ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ሒሳቡ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር። የተቀዳው ሪሲፕሮካል በሚባል ስቱዲዮ፣ መሐንዲሱም ጃክ ኢንዲኖ ነው። የተከፈለው ለ30 ሰዓት ሥራ ስለሆነ በሰዓት ወደ 20 ዶላር ይመጣል።

ርካሽነቱ ድምፁንም ወሰነው። መቅጃው ባለ ስምንት ትራክ ነበር፣ ለየብቻ የሚይዘው ስምንት ድምፅ ብቻ ነው። ከበሮ ብቻውን በርካታ ማይክ ይፈልጋል፣ ከዚያ ቤዝ፣ ጊታርና ድምፅ ሲጨመር ቦታው ያልቃል። ጊታሩን አምስት ጊዜ እየደራረቡ ማወፈር አይታሰብም። ባንዱ አብሮ መጫወት አለበት፣ ስህተቱም ካልከፋ ይቀራል። ከዘፈኖቹ ሁለቱ («ፍሎይድ ዘ ባርበር» እና «ፔፐር ከትስ») እንዲያውም በጥር 1988 ከተቀዳ የሙከራ ካሴት የተወሰዱ ናቸው። በእነሱ ላይ ከበሮውን የመታው የሜልቪንሱ ዴል ክሮቨር ነው።

ገንዘቡን የከፈለው ጄሰን ኤቨርማን ሽፋኑ ላይ በጊታሪስትነት ስሙም ፎቶውም አለ። አልበሙ ላይ ግን አንድ ኖታ አልተጫወተም።

አንድ ትንሽ አሳታሚ ይህን ሁሉ እንዴት አሰማ?

ሰብ ፖፕን ማለትህ ከሆነ ብሩስ ፓቪትና ጆናታን ፖንማን ሦስት ነገር አድርገዋል። አንደኛ፣ ሁሉንም ባንድ አንድ ዓይነት መልክ ሰጡት። የቻርልስ ፒተርሰን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች፣ የሚበር ፀጉርና ላብ፣ ሽፋን ከሽፋን ተመሳሰሉ። ባንዱን የማያውቅ ሰው እንኳ አሳታሚውን እያየ ይገዛ ነበር።

ሁለተኛ፣ በኅዳር 1988 የነጠላ ሸክላ ክለብ ከፈቱ። ደንበኛው አስቀድሞ ይከፍላል፣ በየወሩ አንድ ሸክላ በፖስታ ይደርሰዋል። የመጀመሪያው የኒርቫና «ላቭ በዝ» ነበር፣ በ1,000 ቅጂ ብቻ፣ ቁጥር ተጽፎበት። አከፋፋይ ሸክላህን ወስዶ ከወራት በኋላ ነው የሚከፍልህ፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ገንዘቡን ይጠይቅሃል። የክለቡ ቅድመ ክፍያ ያንን ቀዳዳ ይሸፍናል።

ሦስተኛ፣ በ1989 መጀመሪያ ኤቨረት ትሩ የሚባለውን የእንግሊዙን የ«ሜሎዲ ሜከር» ጋዜጠኛ ወጪውን ሸፍነው ሲያትል አመጡት። ለንደን ስታወራ አሜሪካ ማድመጥ ጀመረች።

ይህም ሆኖ በ1991 ድርጅቱ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ያዳነው ኒርቫና ወደ ጌፈን ኩባንያ ሲሄድ የተደረገው ስምምነት ነው፦ ካሳና ከሽያጩ ድርሻ፣ በሚቀጥለው የባንዱ አልበም ጀርባ ላይም የሰብ ፖፕ ምልክት።

እሺ፣ ከዚያ በድንገት ማይክል ጃክሰንን አወረዱት። እንዴት?

የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» መስከረም 24 ቀን 1991 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የተላከው ወደ 46,000 ቅጂ ነው። ኩባንያው ከዚያ ብዙ አልጠበቀም። በሽያጭ ሰንጠረዡ የገባው በ144ኛነት ነበር። ጥር 11 ቀን 1992 የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአንደኛነት አወረደ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቆጠራው ራሱ መቀየሩን ነው። ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት ከዚያ በፊት ሰንጠረዡን የሚሠራው ሱቆች በሚናገሩት ነበር፣ ሻጩ የወደደውን ወይም ኩባንያ ያባበለውን ሊያስቀድም ይችላል። ከግንቦት 25 ቀን 1991 ጀምሮ ሳውንድስካን የሚባለው ሥርዓት ባርኮድ ሲነበብ የተሸጠውን ይቆጥር ጀመር።

የቁጥር ሰው፦ ይቅርታ፣ ሳውንድስካን መጀመሪያ የጠቀመው ካንትሪና ራፕን ነው። የካንትሪውን ዘፋኝ ጋርዝ ብሩክስን እይ።

ትክክል ነህ፣ እሱ በዚያው መስከረም በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገብቷል። ሳውንድስካን ግራንጅን አልሠራውም፣ የተሸጠውን አሳየ እንጂ። ግን በድሮው ቆጠራ ኒርቫና በዚያ ፍጥነት ይወጣ ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም፣ አንተ ይመስልሃል፤ ማረጋገጫው በእጃችን የለም። የገና ስጦታ ገንዘብ የያዙ ልጆች በዚያ ሳምንት ሱቅ መውረዳቸውም የራሱን ድርሻ ሳያደርግ አልቀረም።

ባለጊታሩ፦ እኔ እኮ የጠየቅኩት ሌላ ነው። ዲስቶርሽን ፔዳሌ እንደ ትንኝ ይጮኻል፣ እንደነሱ አይወፍርም።

ታሪኩን ትተን ወደ ክርህ እንሂድ። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ከኢ ወደ ዲ አውርደው። ከአራተኛው ክር ጋር አብረህ ምታው፤ ሁለቱ ሲንቀጠቀጡ ከሰማህ አልተስማሙም፣ መንቀጥቀጡ ሲጠፋ ደርሰሃል። አሁን ሦስቱን ወፍራም ክሮች በአንድ ጣት ስትይዝ ሙሉ ፓወር ኮርድ ይሰጥሃል። የሳውንድጋርደን «አውትሻይንድ» በዚህ ቅኝት ነው። የኒርቫና «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» ግን በተለመደው ቅኝት ነው የሚመታው፣ እዚያ ላይ አትድከም።

ትንኙ የሚመጣው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ከፍተህ አምፑን ዝቅ ስታደርገው ነው። ተቃራኒውን ሞክር፦ የዲስቶርሽኑን መጠን ወደ ግማሽ፣ የአምፑን ድምፅ ከፍ፣ መካከለኛውን ድምፅም ጨርሰህ አትቀንሰው። ክሩ ወርዶ ከላላ፣ ጠንከር ስትመታውም ቅኝቱ ከሸሸ፣ ወፈር ያለ ክር ግዛ።

ከዚያ በኋላ ገበያው ምን ሆነ?

ኩባንያዎቹ ውል ይዘው ሲያትል ወረዱ። ፀጉራቸውን ነፍተው የሚዘፍኑት የሎስ አንጀለስ ባንዶች በአንድ ዓመት ውስጥ ያረጁ መሰሉ። በ1992 መጨረሻ ዲዛይነሩ ማርክ ጄኮብስ ለፋሽን ቤቱ ለፔሪ ኤሊስ ግራንጅ ልብስ መድረክ ላይ አወጣና ተባረረ። ከልባሽ ሱቅ የሚገዛው የድሆች ሸሚዝ በሐር ተሰፍቶ ነበር። ፐርል ጃም በ1993 «ቨርሰስ»ን ያለ አንድ ቪዲዮ አውጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 950,000 ቅጂ ሸጠ።

ችግሩ ድምፁ ከተማውን ለቅቆ መሄዱ ነው። ስቶን ቴምፕል ፓይለትስ ከካሊፎርኒያ፣ ቡሽ ከለንደን መጡ። ቡና ቤቱም፣ ባለ ስምንት ትራኩም፣ የሚለዋወጡት ጎረቤቶችም አላስፈለጉም።

ሲያትል ነዋሪ፦ እዚህ ለምንኖር አበሾች፣ ዛሬ የሚታይ ነገር አለ?

አለ፣ እህቴ። ባላርድ ውስጥ ሪሲፕሮካል የነበረበት ሦስት ማዕዘን ሕንፃ አለ። ፓዮኒር ስኩዌር ያለው ሴንትራል ሳሎንም ኒርቫናም ሳውንድጋርደንም የተጫወቱበት ቤት ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ከመድረኩ አጠገብ ከቆምሽ የጆሮ መሰኪያ ያዢ።