መንቀጥቀጡ ሲወገድ ምስሉ ለምን ይደበዝዛል?

«በስልክ የቀረፅኩት ቪዲዮ በጣም ይንቀጠቀጣል። በኤዲቲንግ ሳረጋጋው መንቀጥቀጡ ይጠፋል፤ ግን ጠርዙ ይቆረጣል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ሁለቱንም ማዳን አይቻልም?»

ይቻላል፤ መፍትሔው ያለው ግን ከኤዲቲንጉ ይልቅ ቀረጻው ላይ ነው። ፕሮግራሙ መንቀጥቀጡን የሚያስወግደው እያንዳንዱን ፍሬም እጃችን ከሄደበት አቅጣጫ በተቃራኒ እያንሸራተተ ነው። ፍሬሙ ሲንሸራተት በጠርዙ በኩል ጥቁር ክፍተት ይፈጠራል፤ ይህን ለመሸፈን ምስሉን ያጎላዋል። ጥራቱ የሚቀንሰው በዚህ ማጉላት ምክንያት ነው።

አንድ የራሴን ቀረጻ ላንሳ። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ዓሣ ሲራገፍ በጀልባዎቹና በአባ ኮዳዎቹ መካከል እየተራመድኩ በ1080p ቀረፅኩ። እርምጃዬ ቪዲዮውን ስላናወጠው ለማረጋጋት 1.2 እጥፍ ማጉላት አስፈለገ። ከ1920 በ1080 ፒክስሉ የቀረው 1600 በ900 ብቻ ሲሆን ፕሮግራሙ ይህንኑ ለጥጦ ወደ ቀድሞው መጠን መለሰው። በሩቅ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ጠጋ ብዬ ስመለከተው ግን የዓሣው ቅርፊትና የመረቡ ክር ተዋውጠው ነበር።

በሌላ ቀን ያንኑ መንገድ በ4K፣ ማለትም በ3840 በ2160 ቀረፅኩት። በዚያው 1.2 እጥፍ ማጉላት 3200 በ1800 ይቀራል፤ ፕሮጀክቱን 1080p ላይ ስላዘጋጀሁት ምስሉ መለጠጡ ቀርቶ ተጨመቀ፣ የመረቡም ክር ተለይቶ ታየ። በዚህ አሠራር እስከ 2 እጥፍ ድረስ ቢጎላ እንኳ ፒክስል አያጥረንም። የመጨረሻውን ፋይል በ4K ማውጣት ከፈለጉ ግን ይህ ትርፍ አይኖርም። በቀረጻው ጊዜ ከየጎኑ 8 በመቶ ያህሉ እንደሚቆረጥ አስበው ሰውየውን ከፍሬሙ ጠርዝ ራቅ አድርገው ይያዙት፤ እኔ በመጀመሪያው ቀረጻ የዓሣ አጥማጁን እጅ ያጣሁት ይህን ባለማሰቤ ነው።

4K የማይፈታው ሌላ ችግር ደግሞ አለ። ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ሻተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚከፍት፣ የእጃችን እንቅስቃሴ በዚያው ፍሬም ውስጥ እንደ ጭረት ይታተማል። ፍሬሙን ማንሸራተት ይህን ጭረት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ምስሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ በየእርምጃው ደብዘዝ፣ ጠራ እያለ ሲመላለስ ይታያል። ለመለየት ያልተረጋጋውን ቪዲዮ እግር መሬት በሚነካበት ቅጽበት ላይ አቁመው ይመልከቱ፤ የጀልባው ጽሑፍ በዚያ ፍሬም ላይ ድርብ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የማጉላቱ አይደለም። ስልክዎ ሻተር በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ ቀን ላይ 1/200 ሰከንድ ገደማ ያድርጉት፤ በመብራት ውስጥ ሲሆን ግን የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብልጭ ድርግም እንዳይል 1/100 ይሻላል። ምሽት ላይ ከሆነ መራመዱን ትተው፣ ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ቆመው መቅረጽ ይኖርብዎታል።