«ዓይነት ሁለት ስለሆነ ቀላል ነው» ተብለናል፤ የልጄ እግር ክትትል ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጄ ከአምስት ወር በፊት ጣና ዳር ኳስ ሲጫወት ሌላ ልጅ ከጎን መጥቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀበትና የጭኑ አጥንት ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ሆስፒታል ወስደነው በብሎን ታሰረለት፤ ጀሶም ተደረገለት። ሐኪሙ «ማደጊያው ላይ የደረሰ ዓይነት ሁለት ስብራት ነው፤ ቀላሉ ነው» አለን። አሁን ይሮጣል፤ አያመውም። ጎረቤቶች ግን እግሩ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል እያሉ ያስፈሩኛል። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሽ ትላለች። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ክትትሉ አላበቃም። ጎረቤቶችዎ ሊያስፈሩዎት ባይገባም፣ የተናገሩት ነገር መሠረት አለው። «ዓይነት ሁለት ቀላል ነው» የሚለው አነጋገር ለእጅ አንጓ ስብራት በአመዛኙ ትክክል ነው፤ ከጉልበት በላይ ለሚደርስ ስብራት ግን አያስተማምንም። ምክንያቱም የጉዳቱን መጨረሻ የሚወስነው የስብራቱ መስመር በየት በኩል እንዳለፈ ብቻ ሳይሆን፣ የተሰበረው የትኛው አጥንት እንደሆነም ጭምር ነው።

በማደግ ላይ ባለ ልጅ በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አጠገብ ስስ የሆነ የልም አጥንት ንጣፍ ይገኛል፤ ሐኪሞች ግሮውዝ ፕሌት ይሉታል፤ እኔ እዚህ «ማደጊያ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ከመገጣጠሚያው በኩል ያሉት ሕዋሳት ይራባሉ፤ በሌላው በኩል ያሉት ደግሞ እየጠነከሩ ወደ አጥንት ይለወጣሉ፤ አጥንቱ የሚረዝመውም በዚህ መንገድ ነው። ማደጊያው ልም አጥንት ስለሆነ በራጅ ላይ ጥቁር መስመር መስሎ ይታያል፤ ላልለመደው ዓይን ራሱ ስብራት ይመስላል። ከዙሪያው ካሉት ጅማቶች ይልቅ ደካማ በመሆኑም አዋቂን ጅማት የሚበጥስ አደጋ ልጅን ማደጊያውን ይሰነጥቅበታል። በዚህ ምክንያት መገጣጠሚያው አጠገብ አጥንቱ ሲነካ የሚያመውን ልጅ፣ ራጅ ሳይነሳ «ወለምታ ነው» ብሎ ማሰናበት ትክክል አይደለም።

«ዓይነት ሁለት» የሚለው አጠራር ሳልተር እና ሃሪስ የተባሉ የቶሮንቶ ሐኪሞች በ1963 እ.ኤ.አ. ካወጡት ምደባ የመጣ ነው። ምደባው የስብራቱን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። መስመሩ በማደጊያው ውስጥ ብቻ ካለፈ ዓይነት አንድ ይባላል። ማደጊያውን ተከትሎ ከሄደ በኋላ ከመገጣጠሚያው ርቆ ወደ አጥንቱ ግንድ ከወጣና አንድ የአጥንት ቁራጭ ከማደጊያው ጋር ተጣብቆ ከቀረ ዓይነት ሁለት ነው፤ በብዛት የሚያጋጥመን ይህ ነው። መስመሩ በተቃራኒው ወደ መገጣጠሚያው ከወጣ ሦስት፣ ከግንዱ ተነሥቶ ማደጊያውን አቋርጦ እስከ መገጣጠሚያው ከዘለቀ አራት ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ መገጣጠሚያውን ስለሚነኩ ቁራጮቹ በትክክል ፊት ለፊት ካልተገጠሙ በቀር መዘዛቸው ብዙ ነው፤ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ። አምስተኛው ማደጊያው ተጨፍልቆ የሚጎዳበት ሲሆን በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የሚታወቀው ከወራት በኋላ እድገት ሲቋረጥ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ሲል አደጋውም ከፍ ይላል የሚለው ደንብ በጥቅሉ ይሠራል፤ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ግን ደንቡን ያፈርሳል። የእጅ አንጓው ማደጊያ በአመዛኙ ጠፍጣፋ በመሆኑ ሲሰነጠቅ የሚራቡት ሕዋሳት ብዙውን ጊዜ ሳይነኩ ይቀራሉ። ከጉልበት በላይ ያለው ማደጊያ ግን ወጣ ገባ ሆኖ ከአጥንቱ ጋር የተቆላለፈ ነው። ይህ መቆላለፍ በጤናው ጊዜ ያጠነክረዋል፤ በኃይል ሲንሸራተት ግን ጉብታዎቹ እርስ በርስ ተፋጭተው የሚራቡትን ሕዋሳት ይፈጫሉ። በተጎዳው ቦታ ላይ ከግንዱና ከጫፉ የሚመጣው አጥንት ይገናኝና ማደጊያውን አቋርጦ የሚያልፍ ድልድይ ይሠራል። ድልድዩ ባለበት ቦታ እድገት ይቆማል። በዚህ ማደጊያ ላይ ከደረሱ ስብራቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት የእድገት መዛባት ያስከትላሉ፤ በእጅ አንጓ ግን ከመቶ ጥቂት ልጆች ላይ ብቻ ነው የሚያጋጥመው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። ሌላው ልጅ ከውጭ በኩል ወደ ጉልበቱ ከመጣ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ማደጊያው በውስጠኛው በኩል ተከፍቷል፤ ዓይነት ሁለት ያሰኘው የአጥንት ቁራጭም በውጭ በኩል ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ራጅ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ማወቁም ይጠቅማል፤ ቁራጩ ያለበት ጎን በአብዛኛው የተጠበቀ ሲሆን፣ ድልድይ የሚያሰጋው ከቁራጩ ተቃራኒ በሆነው ጎን ነውና። በልጅዎ ላይ እንዲህ ከሆነ ውስጠኛው በኩል ሲቆም የውጭው ማደጉን ይቀጥላል፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚቀዘፍ ታንኳ እንደሚዞር ሁሉ እግሩም ቀስ በቀስ ጉልበቱን ወደ ውጭ እየገፋ ይጎብጣል። ድልድዩ መሐል ላይ ከሆነ ወይም ማደጊያው በሙሉ ከተዘጋ ግን እግሩ ሳይጣመም ያጥራል።

ምን ያህል ሊያጥር ይችላል የሚለውን በግምት ማስላት ይቻላል። ይህ ማደጊያ በዓመት ወደ 9 ሚሊሜትር ያሳድጋል፤ የጭን አጥንት ርዝመት ከመቶ ሰባው እጅ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በወንዶች ልጆች በ16 ዓመት አካባቢ፣ በሴቶች በ14 አካባቢ ይዘጋል። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ ወደ አምስት ዓመት እድገት ስለሚቀረው፣ ማደጊያው ዛሬ በሙሉ ቆሞ ቢሆን ልዩነቱ 4.5 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ያው ስብራት በ15 ዓመት ልጅ ላይ ደርሶ ቢሆን ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ እሱንም ልጁ ላያስተውለው ይችላል።

አምስተኛው ወር ለምርመራ ጥሩ ጊዜ ነው። አጥንት በጉዳት ጊዜ እድገቱ ለጥቂት ጊዜ ይገታና ሲቀጥል ቀጭን ነጭ መስመር ትቶ ያልፋል። ማደጊያው ጤናማ ከሆነ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከማደጊያው እኩል ርቆ፣ ትይዩ ሆኖ ይታያል፤ በልጅዎ ዕድሜ በአምስት ወር ውስጥ ርቀቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። መስመሩ ተዘንብሎ በአንድ ጎን ወደ ማደጊያው ከተጠጋ ወይም ከተገናኘ ድልድዩ እዚያ አለ ማለት ነው። ይህ ምልክት ዓይን ጉብጠቱን ከማየቱ ከወራት በፊት ስለሚገኝ፣ እኔ በበኩሌ ልጁ ሲራመድ አይቶ «ደህና ነው» ከማለት ይልቅ ይህን መስመር አምናለሁ።

ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ የአጥንት ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ ልጁን ይውሰዱት። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያሉትን ራጆች በሙሉ ይያዙ፤ ከአሁኑ ጋር ሳይነጻጸሩ ብዙ አይናገሩምና። የጉልበቱ ራጅ ከፊትና ከጎን ይነሣ፤ ልጁ ቆሞ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ሁለቱም እግሮች በአንድ ላይ የሚታዩበት ራጅም ይነሣለት። ብሎኖቹ ማደጊያውን አቋርጠው እንደሆነም ይጠይቁ፤ በዓይነት ሁለት ብሎን የሚገባው ማደጊያውን ሳይነካ በአጥንቱ ቁራጭ በኩል ብቻ መሆን አለበት። ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው ራጁ ጥርጣሬ ካሳደረ የድልድዩን ስፋት ለመለካት ነው፤ ገንዘብ ካጠረዎት በዚያ አይጀምሩ።

ድልድይ ቢገኝ መፍትሔ አለ፤ ዓይነቱ ግን በስፋቱና በቀሪው እድገት ይወሰናል። ድልድዩ ከማደጊያው ስፋት ከግማሽ በታች ከሆነና ቢያንስ ሁለት ዓመት እድገት ከቀረ፣ ድልድዩን አውጥቶ ቦታውን በልጁ በራሱ ስብ መሙላት ይቻላል፤ ስቡ አጥንቱ ዳግም እንዳይገናኝ ያግዳል። ይህ ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሰፊ ድልድይም አይመረጥለትም። እንዲህ ሲሆን የቀረውን ማደጊያ ሆን ብሎ መዝጋት ጉብጠቱ እንዳይቀጥል ያደርጋል፤ የደረሰውንም ጉብጠት አጥንቱን ቆርጦ ማቅናት ይቻላል። የርዝመት ልዩነቱ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ በጫማ ውስጥ በሚገባ ማካካሻ ይበቃል፤ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲሆን በደህናው እግር ላይ ማደጊያውን በተሰላ ጊዜ መዝጋት፣ ከዚያ ካለፈ ማስረዘም ይታሰባል። ብዙ ወላጆች «ደህናውን እግር እንዴት ትነካላችሁ?» ብለው ይቃወማሉ፤ አሳባቸው ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ አጥንት ማስረዘም ወራት የሚወስድና ብዙ የሚያሠቃይ በመሆኑ ልዩነቱ መካከለኛ ሲሆን የመጀመሪያው ይሻላል።

ለእናትዎ አሳብ ያለኝን አክብሮት ሳልቀንስ፣ እሽታው እንዲቀር እመክራለሁ። የተዘጋ ማደጊያ በእጅ አይከፈትም፤ የጎበጠም አጥንት በመታሸት አይቀናም። የተሰበረ ማደጊያ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ካለፈው በኋላ እኛም በኃይል ጎትተን ለማስተካከል አንሞክርም፤ እየዳነ ያለውን ንጣፍ ዳግም ይጎዳልና። በአዲስ ስብራት ጊዜ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ ከጉልበት በስተኋላ የሚያልፈው የደም ሥር ለአጥንቱ በጣም ቅርብ ስለሆነ፣ አጥንቱ ከቦታው ሲወጣ ሊጫነው ይችላል፤ በዚያ ላይ ቀርቀሃ ተጠብቆ ሲታሰርበት እግሩ ደም ሊያጣ ይችላል።

በቤትዎ በወር አንድ ጊዜ ልጁን ቁርጭምጭሚቶቹን አገናኝቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያድርጉና በጉልበቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሜትር ለክተው ይጻፉ፤ ከፊትም ፎቶ ያንሱት። ክፍተቱ እየሰፋ ከሄደ፣ የሱሪው እግር በአንድ በኩል መሬት መንካት ከጀመረ ወይም ልጁ ሲቆም አንዱን ጉልበት ማጠፍ ካዘወተረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ምንም ለውጥ ባይኖርና የአሁኑ ራጅ ጥሩ ቢሆን እንኳ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላ በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ ማደጊያው በራጅ መዘጋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ።