ኪስ ባዶ፣ ዕረፍት ረጅም፦ ከሐዋሳ ተማሪዎች የመጡ ጥያቄዎች

«3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼም እዚሁ ሐዋሳ ናቸው። በየዕረፍቱ አንድ ነገር ልሞክር እላለሁ፤ ግን ሐሳብ አይመጣልኝም። የቆጠብኩት ብርም የለም። ከየት ልጀምር?»

ከመንገድ ጀምር። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘህ ሦስት ቀን ከተማውን ዙር። ሰው ብር የሚያወጣበትና የሚያማርርበት ቦታ ሄደህ ቁም። ጠዋት መናኸሪያ፣ ቀን ፒያሳ፣ ወደ ማታ ፍቅር ሐይቅ ልትሆን ትችላለህ። ባየኸው ነገር ሁሉ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ማን ገዛ፣ ስንት ከፈለ፣ ምን ፈልጎ አጣ። ሦስተኛውን አትዝለለው። ሐሳቡ የሚገኘው እዚያ ነው።

ለዚህ ሥራ እኔ መጀመሪያ የምልክህ ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ዘንድ ነው። ደንበኞቻቸውን በደንብ ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ስለሚቀመጡም ከእሳቱ ተነስተው ገበያ መሄድ አይችሉም። ከቦታው መነሳት የማይችል ሰው ደግሞ ዕቃ የሚያመጣለት ይፈልጋል።

ባለፈው ክረምት አንዲት የማውቃት ተማሪ አቶቴ አካባቢ አንዷ ጋ ቡና አዝዛ ተቀመጠች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰው «ቆሎ የለም?» ብሎ ጠየቀ። ቡና አፍይዋ ባዶውን ሰሃን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «ዛሬ የሚያመጣልኝ አጣሁ» አለች። ተማሪዋ ይህን ጻፈችና በማግስቱ ሌሎች ሦስት ጋ ሄዳ ጠየቀች። የጠየቀችው «ቆሎ ባመጣልሽ ትገዢኛለሽ?» ብላ አልነበረም። «እህቴ፣ ትናንት ምን አለቀብሽ? ከማን ነው የምትገዢው?» አለች። ሁለቱ ስለ ቆሎ አነሱ፤ ሦስተኛዋ ከሰል አለች። ከሰሉን ተወችው፤ ተሸክማ መዞር አትችልማ። ቆሎውን ያዘች።

«ለጓደኞቼ ሐሳቤን ስነግራቸው ሁሉም «አሪፍ ነው፣ እንገዛሃለን» አሉኝ። 30 ሰው ቆጥሬ ነበር። ስጀምር የገዙኝ አራት ናቸው። ምን አጠፋሁ?»

የጠየቅከው ጥያቄ ይሉኝታ ያለበት ነው። እኛ አገር ጓደኛ ፊት «አልገዛህም» የሚል ሰው የለም። ደስ እንዲልህ ብለው ነው እሺ ያሉህ፤ አልዋሹህም። ስለሚያደርጉት ሳይሆን ስላደረጉት ጠይቃቸው። «ባለፈው ሳምንት ስንቴ ገዛህ? ከየት? ስንት አወጣህ?» በል። ባለፈው ሳምንት አንዴም ያልገዛ ሰው ለአንተ ብሎ በየቀኑ መግዛት አይጀምርም።

ሁለተኛው መለኪያ ቀብድ ነው። ለትዕዛዝ የሚሆን ነገር ከሆነ «ዓርብ አመጣልሃለሁ፤ ግማሹን አሁን በቴሌብር ላክልኝ» በለው። ዝም ካለ ወይም «ስታመጣው እከፍላለሁ» ካለ አትቁጠረው። ከ30ው ስድስት ሰው ቀብድ ከላከ የምታውቀው ደንበኛህ ስድስት ነው፤ በዚያ ልክ ግዛና አዘጋጅ። ለአንተ ደግሞ ቀብድ ከመለኪያም በላይ ነው፤ ቁጠባ ስለሌለህ የመጀመሪያውን ዕቃ የምትገዛበት ብር እሱ ነው። ዕቃውን በቀጠሮው ቀን ካላደረስክ ግን ቀብዱን ያንኑ ዕለት መልስ። በሰው ብር የጀመረ ሰው እምነት ካጣ ዳግመኛ ቀብድ የሚሰጠው የለም።

«ቆሎ ከለውዝ ጋር ቀላቅዬ በትንንሽ ላስቲክ ላሽግና ለጀበና ቡናዎች ላከፋፍል አስቤያለሁ። ያዋጣኛል? ስሌቱ ጠፍቶብኛል።»

አብረን እናስላው። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለማሳያ ናቸው፤ አንቺ የሰፈርሽን አስገቢ።

የተቆላውን ከባለሙያ ሴቶች ገዝተሽ ጀምሪ። ለሙከራ ብለሽ ምጣድና እንጨት ውስጥ አትግቢ። የተቆላ ድብልቅ ኪሎው 300 ብር ነው እንበል። አንዱ ላስቲክ 50 ግራም ይይዛል፤ ስለዚህ ከአንድ ኪሎ 20 ይወጣል። ባዶ ላስቲክ አንዱ 1 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪሽ 320 ነው። ቡና አፍይዋ በ25 ብር ትሸጣለች፤ 3 ብር ለሷ፣ 22 ለአንቺ። ሃያው ሲሸጥ 440 ይገባልሻል። ከኪሎ 120 ብር ተረፈሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። በማንኪያ እየዘገንሽ ስትሞይ ለደንበኛ ላለመሰሰት ትንሽ ትጨምሪያለሽ። በላስቲክ 5 ግራም ከበለጠ ከኪሎው የሚወጣው 18 ብቻ ይሆናል። ገቢሽ 396፣ ወጪሽ 318፣ የተረፈሽ 78። አምስት ግራም ለዓይን አይታይም፤ ከትርፍሽ ግን አንድ ሦስተኛውን ይዞ ሄደ። አብዛኛው ሰው «ይሸጣል ግን ብሩ የት እንደሚገባ አላውቅም» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

መላው ቀላል ነው። አንድ ሲኒ መስፈሪያ አድርጊ። በሱ አሥር ላስቲክ ሙይና አንድ ላይ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ግማሽ ኪሎ መምጣት አለበት። የሱቅ ሚዛን 50 ግራምን ለብቻው በትክክል ላያሳይሽ ይችላል፤ አሥሩን አንድ ላይ ግን ያሳይሻል። ከበለጠ የሲኒው ውስጥ ምልክት አድርጊና ከምልክቱ በታች ስፈሪ።

መንገዱም ይቆጠር። በሳምንት አምስት ኪሎ ብትሸጪና ልኩን ብትጠብቂ 600 ብር ይተርፍሻል። ለአራት ዙር የባጃጅ 40፣ 40 ብር ካወጣሽ ግን 160 ይቀነሳል። ስለዚህ በእግርሽ ልትደርሺባቸው የምትችያቸውን ቡናዎች ብቻ ያዢ። ሁለት ሰፈር ርቃ ያለችው ጥሩ ደንበኛ ለሙከራ ጥሩ አይደለችም።

ክረምት ስለሆነም ሁለት ነገር ልንገርሽ። ቆሎው ሳይበርድ ካሸግሽው ላስቲኩ ውስጥ ያልበዋል፤ በማግስቱ ጥርስ ላይ አይንኮሻኮሽም። ሙሉ በሙሉ አብርደሽ ሙይ፤ አፉን በሻማ እሳት አጣብቂ፤ ከዚያ አንዱን ላስቲክ ሁለት ቀን አቆይተሽ ራስሽ ቅመሺ። ለውዙን ደግሞ አንድ በአንድ ልቀሚ። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የጠቆረ ፍሬ ካለ ጣይው። ለውዝ ላይ የሚያድገው ሻጋታ መርዝ አለው፤ መርዙም በመቁላት አይጠፋም። በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልዝለለው የሚባል ነገር የለም።

«ዕቃዬን በዱቤ ሰጥቼ ብሬ እዚያው ቀረ። ሁሉም «ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» ይሉኛል።»

ለአንዷ ቡና አፍይ አሥር ብቻ ስጥ። የአሥሩን ብር ሳትቀበል ሌላ አሥር አትስጥ። በደብተርህ ቀኑን፣ ቁጥሩንና የተመለሰውን እዚያው ፊቷ ጻፍ። «እትዬ፣ የራሴ ብር ስለሌለኝ በዚህ ነው የምገዛው» ብለህ እውነቱን ንገራት። ማስቸገር አይደለም፤ እሷም በዚሁ መንገድ ነው የምትሠራው። ሳይሸጥ የቀረውን ደግሞ መልሰህ ተቀበል። ያልተሸጠው ነው ብዙ የሚነግርህ።

«አባቴን 5,000 ብር አበድረኝ ልለው ነው፤ ወይስ ዕቁብ ልግባ?»

ለሙከራ አትበደር። ሙከራ ማለት ላይሆን ይችላል ማለት ነው፤ ዕዳው ግን አይቀርም። በአንድ ኪሎ የማይሞከር ሐሳብ ከሆነ ሌላ ሐሳብ ምረጥ። ዕቁብ ጥሩ የሚሆነው በየሳምንቱ የሚገባ ገቢ ሲኖርህ ነው፤ መጀመሪያ ከደረሰህም በኋላ እየከፈልክ ትቀጥላለህና። «መጀመሪያ ይህን ያህል ከፍለህ ግባ፣ ከዚያ ሰው አምጣ» የሚልህ ጓደኛ ከመጣ ደግሞ አትግባ። የሚሸጠው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው።

«ፈቃድ ያስፈልገኛል?»

በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ንግድ ፈቃድ ይፈልጋል። መንገድ ላይ ጠረጴዛ ከማውጣትህ በፊት ሰፈርህ ያለውን የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ። ምግብ ነክ ከሆነ ስለ ንጽሕና የሚጠይቁትንም አብረህ ስማ። ጥያቄው ግማሽ ቀን ይወስድብሃል፤ ዕቃህ ቢወሰድብህ ግን ያለህ እሱ ብቻ ነው።

«ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። መሸጡን ይሸጣል። ልቀጥል ወይስ ልተው? በምን አውቃለሁ?»

ስንት እንደሸጥክ ሳይሆን ማን ደግሞ እንደገዛ ቁጠር። መጀመሪያ ሳምንት ዘመድና ጓደኛ ይገዛል። በሁለተኛው ሳምንት ቡና አፍይዋ ራሷ ደውላ «አለቀብኝ» ካለችህ ሐሳቡ እግር አውጥቷል። አንተ እየደወልክ «አለቀ ወይ?» የምትል ከሆነ ግን ገና ነው።

ጊዜውንም አስብ። ሙከራህ ነሐሴ 1 ከጀመረ ፍልሰታ ላይ ነህ። የሚጾመው ሰው እስከ ቀትር በኋላ አይቀምስም፤ ስለዚህ ጠዋት ስለቀዘቀዘብህ አትደናገጥ፣ ከሰዓት ይበረታል። ከነሐሴ 16 በኋላ ደግሞ ያ ደንበኛ ወደ ሌላ ምግብ ሊዞር ይችላል። ሐዋሳ ደግሞ የሚጾመውም የማይጾመውም ተቀላቅሎ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ አንዱ ሰፈር የሠራልህ ሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ብትችል ቀደም ብለህ ጀምርና ከጾሙ በፊት አንድ ሳምንት፣ በጾሙ አንድ ሳምንት፣ ከጾሙ በኋላ አንድ ሳምንት ያለውን ለይተህ ጻፍ።

የማቆሚያውን ቁጥርም ከመጀመርህ በፊት ደብተሩ ላይ አስፍረው። ያቺ ቆሎ የያዘችው ተማሪ «በሦስተኛው ሳምንት ከአራቱ ቡና አፍዮች ሦስቱ ራሳቸው ካልጠሩኝ አቆማለሁ» ብላ ጽፋ ነበር። ሁለቱ ብቻ ጠሯት። ቆሎውን አቆመች። ከሁለቱ አንዷ ግን «ቆሎውስ ይሁን፤ ቡናውን ለቅመሽ ብታመጪልኝ?» አለቻት። ጥሬ ቡና መልቀም ሰዓት ይበላል፤ ሴትየዋም ማታ ቤቷ ገብታ በደከመ ዓይን ነበር የምትለቅመው። ተማሪዋ በሚቀጥለው ዕረፍት የያዘችው እሱን ነው፤ ቡናውን ሴትየዋ ትገዛለች፣ የሷ ድርሻ ጉልበትና አንድ ሰፌድ ብቻ ነው።