የጊደሮቹ ጥርስ ለምን ቡናማ ሆነ?

«አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት። ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ጊደሮቼ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ እየተሸረፈ ነው፤ አገዳ ማኘክ አቅቷቸዋል፤ አንዷም ታነክሳለች። የእናቶቻቸው ጥርስ ግን ደህና ነው። አሞሌ ሰጥቻለሁ፣ መርፌም አስወግቻለሁ፤ ለውጥ የለም። ውሃችን ችግር የለበትም፤ ከአራት ዓመት በፊት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ለብ ያለ፣ ሳሙናም ቶሎ የሚያረፋ። ምን መድኃኒት ልግዛ?» (ከቃሉ ቆላ)

ችግሩ ያለው ደህና ነው ባሉት ውሃ ውስጥ ይመስለኛል። በሽታ ወይም የጨው እጥረት ቢሆን እናቶቹንም በነካ ነበር። የላሞቹ ጥርስ ጉድጓዱ ሳይቆፈር በቅሎ ጨርሷል፤ የጊደሮቹ ግን ይህን ውሃ እየጠጡ ነው የበቀለው። በመብቀል ላይ ያለ ጥርስን እንዲህ የሚያበላሸው ፍሎራይድ የሚባል በውሃ የሚሟሟ ማዕድን ነው። ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ካሉ የእነሱንም ጥርስ ይመልከቱ።

ውሃው ለብ ማለቱና ሳሙና ማረፋቱም ወደዚያው ይጠቁማሉ። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ነጣ ያለ አመድና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ፍሎራይድ ይዟል። ሞቅ ያለ ውሃ በዚህ ድንጋይ መካከል ለረጅም ዘመን ሲቆይ ሶዲየም እየጨመረ፣ ካልሲየሙን ግን እንደ ኖራ እያራገፈ ይሄዳል። ካልሲየም ፍሎራይድን ይዞ የሚያዘቅጥ ነውና እሱ ከሌለ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ሳሙናን አላረፋ የሚለውም ያው ካልሲየም ነው። ስለዚህ ሳሙና ቶሎ የሚያረፋበት፣ ሲፈላም በጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የማይተው የቆላ ጥልቅ ውሃ ያጠራጥራል። የዝናብ ውሃም ሳሙና ያረፋልና ይህ ምልክት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

«ጥልቅ ውሃ ንጹሕ ነው» የሚለውን አነጋገር በየቀበሌው እሰማለሁ። ከጀርም አንጻር እውነት ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ግን በጠለቁ ቁጥር ፍሎራይዱ ሊብስ ይችላል። ማፍላትም አያወጣውም፤ ውሃው ሲተን ይባስ ይጠነክራል።

መርፌውን ይተዉትና ሌላ ውሃ ይፈልጉ። ከደሴ በኩል ያለው ደጋ አብዛኛው ጥቁር ባዛልት ነው፤ ከዚያ የሚወርድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየም አለው፣ ከድንጋዩ ጋርም ብዙ አይቆይም። ከደጋው የሚወርድ ወንዝ ይምረጡ፤ በአሸዋው ላይ ያሉት ጠጠሮች ጥቁርና ከባድ ይሁኑ። ነጭ ቀላል ድንጋይ ከበዛበት፣ ወይም ፍል ውሃ በአቅራቢያው ካለ፣ ያን ቦታ ይለፉት።

ከወንዙ ዳር ከ10 እስከ 15 ሜትር፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ግንቦት ውስጥ በእጅ ያስቆፍሩ። ያኔ ውሃው በጣም ስለሚወርድ ያገኙት ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ውሃ ከተገኘ በኋላ ሁለት ሜትር ያህል ይጨምሩ። አሸዋ ሰው ላይ ይናዳልና የኮንክሪት ቀለበት እያወረዱ እንጂ ባዶውን አይቁፈሩ። ሲቆፈር ነጭ የአመድ ንጣፍ ከወጣ ወይም ውሃው ከሞቀ እዚያው ይቁም። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ የሚበከለው ከላይ ነው፤ ስለዚህ የላይኛውን ሦስት ሜትር ዙሪያውን በሸክላ አፈር ይድፈኑት፣ አፉን ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገው ይክደኑት፤ ከመጸዳጃና ከበረት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ለሰው የሚቀዳውን በክሎሪን ያክሙ።

ከመጠጣቱ በፊት ከሁለቱም ጉድጓድ ግማሽ ግማሽ ሊትር ያስመርምሩ። የሚያዙት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ይያያዛልና ውጤቱን ያሳስታል። ለሰው ወሰኑ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥልቁ 4፣ አዲሱ 0.5 ቢወጣና አዲሱ ብቻውን ባይበቃ፣ ሦስት ባልዲ ከአዲሱ ከአንድ ባልዲ ጥልቅ ጋር ሲቀላቀል 1.4 ገደማ ይሆናል። አንድ ለአንድ ቢቀላቅሉ ግን 2.25 ስለሚሆን አይበቃም።

የአዲሱ ውሃ ቅድሚያ ለልጆች፣ ለወጥና ለእንጀራ፣ ከዚያም አራት ዓመት እስኪሞላቸው ለጥጆችና ለጊደሮች ነው። ጥልቁ ለማጠቢያ ይቆይ። ያደጉ በሬዎች ጥርሳቸው ባይነካም አጥንታቸው ፍሎራይድ ማከማቸቱን አይተውምና አዲሱ ውሃ ከተረፈ ለእነሱም ይስጡ።

የጠቆረው ጥርስ አይመለስም። ጊደሮቹ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ እንደ ውሻ የሚልሱ ከሆነ ጥርሳቸው እያመማቸው ነው፤ ፀሐይ የነካው ውሃ ይስጧቸው፣ አገዳውንም በጣት ርዝመት ቆራርጠው፣ በውሃ አርሰው ያቅርቡላቸው።