ስሟን መሰረዝ ብቻውን አይሸፍናትም

«ኢንተርን ነኝ። ሎግቡክና የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የታካሚዋን ስም ካልጻፍኩ በቂ አይደለም?»

አይበቃም እህቴ። እኔም ሰሜን ሸዋ ልምምድ ላይ ሳለሁ ስም ሳልጠቅስ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የ34 ዓመት ሴት፣ ከአንኮበር ወረዳ ገጠር ቀበሌ፣ በጥምቀት ማግስት መንታ ወልዳ ብዙ ደም የፈሰሳት።» የዚያው አገር ልጅ የሆነ ጓደኛዬ አንብቦ ሳይጨርስ «የእገሌ ሚስት ናት አይደል?» አለኝ። ክው አልኩ። ቀበሌው፣ ቀኑና መንታው ተደምረው ስሟን ተናገሩ።

ከዚያ አስተካከልኩት፦ «በ30ዎቹ ዕድሜ ያለች የገጠር ነዋሪ፣ ከጤና ተቋም በእግር ሁለት ሰዓት ርቃ የምትኖር።» የርቀቱን ነገር አልሰረዝኩም፤ ዘግይታ የመጣችው በእሱ ነው። ቀኖቹን «1ኛ ቀን፣ 2ኛ ቀን» አልኳቸው። መንታውን ግን አልነካሁም። ማህፀን ከልክ በላይ ተለጥጦ መኮማተር አቅቶት ብዙ ደም የሚፈስበት አንዱ ምክንያት እሱ ስለሆነ፣ ካወጣሽው ኬዙ ትርጉም ያጣል።

ሎግቡኩ ላይ የካርድ ቁጥር አትጻፊ። ካርድ ክፍል ለሚገባ ሰው ከቁጥሩ ስሟን ማውጣት ቀላል ነው። የራስሽን ኮድ ስጪያት፤ ኮዱን ከካርዱ የሚያገናኘው ወረቀት ሱፐርቫይዘርሽ ጋ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሎግቡክ እኮ ታክሲ ውስጥም ይረሳል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም የአገሯ ሰው የሚያውቃት ከመሰለሽ ፈቃዷን ጠይቂ። እምቢ ካለች ሌላ ኬስ ምረጪ።