አዛምድ ላይ ሁሉም ሙሉ ሲያመጣ

«የ8ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። ምርጫና ባዶ ቦታ ላይ የሚወድቁ ልጆች አዛምድ ላይ አምስት ከአምስት ይደፍናሉ። እናንተ እንዴት ነው የምታወጡት?»

ወንድሜ፣ ኩረጃ ነው ብለህ አትድከም። ጥያቄው ራሱ እየነገራቸው ነው።

1. አንድ አዛምድ ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አስገባ። «የአድዋ ድል ዓመት» እና «የዓባይ መነሻ» አንድ ላይ ካሉ፣ «ለ» ሥር ዓመተ ምሕረት የሚመስለው 1888 ብቻ ነው። ደብተር ያልገለጠ ልጅም ያገኘዋል። እኔ ሁሉንም «በማን ዘመነ መንግሥት ሆነ?» በሚል አንድ ጥያቄ አስራለሁ። «ሀ» ሥር የጉንደት ጦርነት፣ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ የአድዋ ጦርነት፣ የመንግሥታት ማኅበር አባል መሆን። «ለ» ሥር በፊደል ተራ ምኒልክ፣ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ቴዎድሮስ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ኢያሱ፣ ዘውዲቱ፣ ዮሐንስ። ማዕረግ አልጽፍም። «ንግሥት» ካልክ ዘውዲቱን አጋለጥካት። ደግሞ ማኅበሩ የገባነው በእሷ ዘመን፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ ነው። በደፈናው የሚገምተው ኃይለ ሥላሴ ብሎ ይሄዳል፣ ያነበበው ይለያል።

2. መልሶቹ ከጥያቄዎቹ ይብለጡ፣ የሚደገምም ይኑር። ጉንደትም ቦሩ ሜዳም ዮሐንስ ናቸው። አምስት ለአምስት ከሆነ፣ አራቱን ያወቀ ልጅ አምስተኛውን በነፃ ይወስዳል። ሦስቱን ያወቀው ደግሞ በቀሩት ሁለቱ ላይ ሳንቲም መወርወር ነው። መልስ መደገም ከቻለ ግን የተጠቀመበትን መሰረዝ አይችልም። የመጨረሻዋም ጥያቄ ላይ ሰባቱም ፊቱ ናቸው። ይህን መመሪያው ላይ በግልጽ ጻፈው፦ «አንድ መልስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ጭራሽ የማያገለግልም አለ።» ካልጻፍክ የሚቀጣው ጎበዙ ነው፣ ዮሐንስን አንዴ ተጠቅሜበታለሁ ብሎ ትክክለኛውን ይለውጣል።

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ጋ ነው። በፊት የነበርኩበት ትምህርት ቤት የፈተና ኮሚቴው ሰብሳቢ ትርፍ መልሶቹን በቀይ ሰርዞ መለሰልኝ። «ተማሪ ማምታታት ነው፣ እኩል አድርገው» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ያለፈውን ሴሚስተር ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ባዶ ቦታ ላይ አንድም ያልመለሱ ልጆች አዛምዱን ደፍነውታል። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። አጉረመረመ፣ ግን ፈረመ! እስከ ዛሬ በዚያች ቀን እኮራለሁ።

ከሱ አልፎም ማባዣ ክፍል አገኘኝ። «ለ»ን ከወረቀቱ ጀርባ አሳተሙት። ልጆቹ ወረቀት ሲያገላብጡ ሰዓቱ አለቀ፣ ፊደል ተሳስተው የጻፉም ነበሩ። የዚያን ጊዜ ውጤት ምንም አይነግርህም፣ ያላወቀውና የተምታታበት አይለዩም። ስለዚህ አሁን ሁለቱንም ረድፍ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቼ፣ ገጹ መሃል ላይ አድርጌ፣ የመጀመሪያዋን ቅጂ ራሴ ሳላይ የቀረውን አላስባዛም። ማባዣው ክፍል ያሉት ቢነጫነጩም።